ሰሙን በካውያ፣ ማስቲካውን በበረዶ

የፋሲካ ማግስት ሰኞ ጠዋት ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወጣው መንገድ ዳር ያለች አንዲት ጠባብ ላውንደሪ በነጭ ልብስ ተጨናንቃለች። ነጠላው፣ ጋቢው፣ የልጆቹ ቀሚስ ባንኮኒው ላይ ተከምሯል። አንዱን አንሥተው ገለጥ ቢያደርጉት፣ ከደረቱ ወይም ከትከሻው አካባቢ ቢጫ የሰም ጠብታ አያጡበትም። ቅዳሜ ሌሊት ጧፍ ለኩሶ በሕዝቡ መሀል ተጣቦ የቆመ ሰው ከራሱ ጧፍ ቢተርፍ ከጎኑ ከቆመው አይተርፍም።

ከባንኮኒው ኋላ የቆሙትን ባለቤቱን ደንበኛው ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል። አንዲት ወጣት የእናቷን ነጠላ ከፌስታል አውጥታ ዘረጋችላቸው። ጋሼ ወደ ደጁ ብርሃን አንሥተው አዩትና፦

«ይሄን ማን ነካካው ልጄ?» አሏት።

«እኔ ነኝ ጋሼ። መጀመሪያ በጥፍሬ ፋቅሁት። አልለቅ ሲለኝ ደግሞ በጣም በሞቀ ውሃ ዘፈዘፍኩት።»

«አየሽ፣ ጠብታ ነበር። አሁን መሐረብ የሚያህል ቦታ ይዞልሻል።»

እውነትም ነጠላው ላይ ጉብ ያለ ሰም አይታይም። በእጅ ሲዳሰስ ግን አንድ ቦታ ላይ ደረቅ ይላል፤ ብርሃን ሲያርፍበትም ዘይት የነካው ወረቀት ይመስላል። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቀልጣል። ምድጃ ላይ ተንተክትኮ የወረደ ውሃ ከዚህ በላይ ይሞቃል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ቢፈላም፣ ሰም ለማቅለጥ ይበቃዋል፤ እንዲያውም ይተርፈዋል። ችግሩ የቀለጠው ሰም መሄጃ ማጣቱ ነው። ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ከውሃው በላይ ይንሳፈፋል። ውሃው በረድ ሲል ደግሞ ስስ ሽፋን ሆኖ እዚያው ጨርቁ ላይ ተመልሶ ይጋገራል። ልጅቱ ሰሙን አቅልጣዋለች፤ ማውጣት ግን አላወጣችውም።

ጥፍሯን ደግሞ ያስቸገረው የነጠላው አሠራር ነው። ነጠላ ሁለት ስስ ድርብ ነው፤ ስለዚህ ላይኛው ላይ የወደቀ ትኩስ ጠብታ ወደ ታችኛውም አልፎ ሁለቱን ያጣብቃቸዋል። ድሩ ቀጭንና ጠንካራ የፋብሪካ ክር ሲሆን፣ ማጉ ግን ብዙ ጊዜ እናቶች በእንዝርት የፈተሉት ልል ጥጥ ነው። ልል ስለሆነም ሰሙን ይጠጣል፤ ሲፍቁት ደግሞ ይበጠሳል፣ ይቦጨቃል። ለጠረጴዛ ጨርቅ ወይም ለጂንስ የሚሠራው በቢላዋ መፋቅ እዚህ አይሠራም።

ጋሼ ነጠላውን ከልጅቱ ተቀበሉና ከክምሩ ላይ ሌላ ነጠላ አነሡ። ይህኛው ማንም ያልነካካው ነው። ጠብታዎቹ ሌሊት እንደወደቁ ጉብ ብለው ደርቀዋል። «እንዲህ ሆኖ ሲመጣልኝ ደስ ይለኛል» አሉ፤ አጣጥፈው ንጹሕ ፌስታል ውስጥ ከተቱና ፍሪዘሩ ውስጥ አስቀመጡት። ፍሪዘር የሌለው ሰው በረዶ በፌስታል ቋጥሮ ጠብታው ላይ ቢያስቀምጥ ያው ነው። በረዶው በቀጥታ ጨርቁን እንዳይነካው ግን ፌስታሉ ግዴታ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ ኋላ ለካውያው አይመችም።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ነጠላው ወጣ። አሁን ሰሙ በጣት ሲጫኑት የሚለሰልሰው ዓይነት አልነበረም። ጋሼ ጠብታውን በሁለት እጃቸው አውራ ጣት መሀል ይዘው ጨርቁን ሰበር ሲያደርጉት ቀጭን ድምፅ አሰማ፤ ሰሙም መሀል ለመሀል ተሰነጠቀ። እንደገና በሌላ አቅጣጫ ሰበር። ከዚያ ነጠላውን አራገፉት፤ ፍርፋሪው መሬት ላይ ወረደ። መፋቅ የለ፣ ማጉ አልተነካ። ቅዝቃዜ ሰሙን አያጠፋውም፤ ከክሩ በላይ የቆመውን ክፍል ግን ተሰባሪ ያደርገዋል። የጠብታው አብዛኛው ክፍል የሚወጣው በዚህ ነው፤ ካውያ ከመንካታችን በፊት ማለት ነው። በክሩ ውስጥ ሰርጎ የገባው ግን እዚያው ቀርቷል፤ ሙቀት የሚያስፈልገው ለእሱ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ከካውያ በቀር ነጭ ሶፍት ብቻ ነው። ያልታተመበት፣ አበባ የሌለው ሶፍት ይሁን። በየቤቱ የተለመደው ጋዜጣ ነው፤ ይሠራልም። ጋዜጣ ሰሙን በደንብ ይጠጣል፤ ነገር ግን ቀለሙ በሙቀት ይለቅና ነጭ ነጠላ ላይ የትናንቱን ዜና ያትምበታል። ለጥቁር ሱሪ ግድ የለም፤ ለነጭ ግን አልመክርም።

ጋሼ የካውያ ጠረጴዛው ላይ አሮጌ ፎጣ ዘረጉ፤ በላዩ ሦስት አራት እጥፍ ሶፍት፤ በሶፍቱ ላይ ነጠላውን ፊቱን ወደ ታች፤ በነጠላው ላይ ደግሞ ሌላ ሶፍት። ካውያው ባለ አንድ ነጥብ ላይ ነው፤ እንፋሎቱ ተዘግቷል። በልብስና በካውያ ላይ ያሉት ነጥቦች ሙቀት መለኪያ ናቸው፤ አንድ ነጥብ ወደ 110 ዲግሪ፣ ሁለት ወደ 150፣ ሦስት ደግሞ ወደ 200 ይጠጋል። ጥጡ ሦስት ነጥብ ይችላል። ጥለቱ ግን ብዙ ጊዜ ጥጥ አይደለም፤ ሰው ሠራሽ ክር ነው፤ አንዳንዱም የሚያብለጨልጭ ጌጥ አለበት። እሱ በከፍተኛ ሙቀት ይኮማተራል። ሰሙ የሚፈልገው 65 ዲግሪ ያህል ነው፤ ከአንድ ነጥብ በላይ መውጣት ትርፉ ጥለቱን ማበላሸት ነው።

ካውያውን እንደ ልማዳችን ወዲያ ወዲህ አልነዱትም። ሶፍቱ ላይ አሳረፉት፣ እስከ አሥር ቆጠሩ፣ አነሡት። ሶፍቱ ሲገለጥ መሀሉ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ክብ ነገር ታትሟል፤ ዘይት የነካው ይመስላል። ያ ሰሙ ነው። የጧፉ ክር የቀለጠውን ሰም ወደ ነበልባሉ እንደሚስበው ሁሉ፣ እዚህም ሶፍቱ የቀለጠውን ሰም ከማጉ ወደ ራሱ ይስበዋል። ካውያው ከተነዳ ግን ሰሙ ወደ ወረቀቱ ሳይሆን ወደ ጎን፣ ወደ ንጹሑ ጨርቅ ይሄዳል። እንፋሎትም እንደዚሁ ያበላሻል፤ ውሃ የጠጣ ሶፍት ሰም አይጠጣም።

ከዚህ በኋላ ሥራው መደጋገም ነው፤ ትዕግሥት የሚጠይቀውም እዚህ ላይ ነው። ከላይም ከታችም ያለው ሶፍት በየጊዜው ይቀየራል። ብዙ ሰው አንዱን ሶፍት ይዞ ይቆይና ሰሙን መልሶ ለጨርቁ ይሰጠዋል። ሁለተኛው ክብ ከመጀመሪያው ያነሰ ነበር፤ ሦስተኛው ጥላ ብቻ ሆነ። ሶፍቱ እንደገባ ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ ሙቀቱ የሚችለውን ጨርሷል ማለት ነው።

ጨርሶ መውጣቱን ማረጋገጫው ጠብታ ውሃ ነው። ካውያው ያረፈበት ቦታ ከበረደ በኋላ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል ያደርጉበታል። ብዙ ጊዜ የታጠበ ጥጥ ውሃውን ወዲያው ይጠጣዋል። ሰም ካለበት ግን ጠብታው ድቡልቡል ብሎ ከላይ ይቀመጣል። የጋሼ ጠብታ ትንሽ ዘገየችና ሰረገች። «ትንሽ ቀርቶታል፤ ይሄኛው የሳሙና ድርሻ ነው» አሉ። ቦታው ላይ ሁለት ጠብታ የሳህን ሳሙና አድርገው በጣታቸው ቀስ ብለው አሹት፤ ጥቂት አቆይተው ለብ ባለ ውሃ አጠቡት። ቀሪው ስስ ሽፋን በሳሙና የሚወጣው አብዛኛው ሰም ቀድሞ ስለወጣ ነው፤ ከመጀመሪያው በሳሙና ቢጀምሩ ኖሮ ክንዳቸውን ከማድከም በቀር የሚያተርፉት አልነበረም።

ሰሙ ከወጣም በኋላ ቢጫነት ሊቀር ይችላል። የንብ ሰም ቀለሙን የሚያገኘው ንቦቹ ቀፎው ውስጥ ከሚያስገቡት የአበባ ዱቄትና ሙጫ ነው። ይህን ካውያ አያወጣውም። ደግነቱ የንብ ሰም ቀለም ፀሐይ አይወድም፤ ሰም ሠሪዎችም ሰሙን ለማንጣት የሚጠቀሙት የቆየ ዘዴ ስስ አድርጎ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው። የታጠበውን ነጠላ እርጥቡን ፀሐይ ላይ ማስጣት ለቀረችው ቢጫነት ከበረኪና ይሻላል፤ በረኪና ጥለቱንም አብሮ ይበላልና። የልደት ሻማ ቀለም ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ቀይና ሰማያዊ ሻማ ውስጥ ያለው የፋብሪካ ቀለም ነው፤ በፋርማሲ የሚሸጠውን አልኮል በነጭ ጨርቅ እያስነኩ ቀስ በቀስ ማንሣት ያስፈልጋል። መጀመሪያ ግን በማይታይ ጥግ፣ በተለይ ጥለቱ ላይ፣ ቀለም ይለቅ እንደሆነ መሞከር አለበት። አልኮሉም ደርቆ እስኪያልቅ ድረስ ካውያ አይቀርበውም፤ የሚቀጣጠል ነገር ነው።

ስለ ልብስ ይህን ያህል ካልን ወደ ምንጣፉ እንሂድ። ቀን ላይ አንድ ጎረምሳ የተጠቀለለ ምንጣፍ ተሸክሞ መጣ። በዓሉን የዋሉበት ልጆች ማስቲካ ጥለውበት፣ እንግዳ ረግጦበት፣ ሳንቲም የሚያህል ግራጫ ነገር ከፀጉሩ ጋር ተጣብቋል። ዳር ዳሩ የጠወለገ ነው። ጎረምሳው ጠዋት ካውያ ሞክሮበት ኖሯል፤ ለሰም የሠራ ለማስቲካም ይሠራል ብሎ።

የሁለቱ ልዩነት የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ሰም ሲሞቅ ይቀልጣል፤ ውሃ የመሰለ ቀጭን ፈሳሽ ይሆናል፣ ወረቀትም ይጠጣዋል። ማስቲካ ግን አይቀልጥም፤ ይለሰልሳል ብቻ። ስናኝከው ስኳሩና ጣዕሙ በምራቅ ሟሙቶ ይወጣና ጎማ የመሰለ መሠረቱ አፋችን ውስጥ ይቀራል። ያ መሠረት ውሃ አይነካውም፤ ሳሙናም ብዙ አይፈይድበትም። በአፍ ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ፣ እንደምናውቀው የሚለጠጥ ነው፤ ካውያ ሲያርፍበት የባሰ ይለጠጥና ክሩ ሥር ድረስ ይወርዳል። የትኛውም ሶፍት አይጠጣውም። ስለዚህ ማስቲካ ላይ ሥራው የሚጀመረው በቅዝቃዜ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚያልቀው በቅዝቃዜ ነው።

ምንጣፍ ፍሪዘር አይገባም፤ ስለዚህ በረዶው ወደ ምንጣፉ ይመጣል። ጋሼ በረዶውን በፌስታል ቋጥረው ማስቲካው ላይ አስቀመጡና በላዩ ክብደት ያለው ድስት ጫኑበት። ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቁ። ማስቲካው በጥፍር ሲመታ ድንጋይ ሲሆን ፌስታሉን አንሥተው በማንኪያ ጀርባ ደበደቡት። ተሰነጣጠቀ። ከዚያ ደነዝ ቢላዋ በአግድም አስገብተው ከዳር ወደ መሀል አነሡት። ከመሀል ወደ ዳር ከተሄደ ፍርፋሪው ወደ ንጹሑ ፀጉር ይገባል። የሚሠራበት ጊዜ አጭር ነው፤ የክፍሉ ሙቀት ቶሎ መልሶ ያለሰልሰዋል። መለጠጥ ሲጀምር፣ ማለትም ቢላዋው ላይ ክር ሲያወጣ፣ ወዲያው ማቆምና በረዶውን መመለስ ነው። እዚያ ላይ ቸኩሎ የጎተተ ሰው የምንጣፉን ፀጉር አብሮ ነቅሎ ነው የሚያነሣው። እኔ ከሁሉ አስቸጋሪ ሆኖ ያገኘሁት ይህችን ማቆም ነው፤ ሰው ግማሹ ሲወጣለት መታገሥ አይችልም።

ፍርፋሪው ሳይሞቅ ተጠራረገ። የቀረው በፀጉሩ ጫፍ የተለቀለቀ ስስ ሽፋን ነበር፤ ለስላሳ ሙቀት ለማስቲካ የሚጠቅመው እዚህች ጋ ብቻ ነው። ጋሼ የሴቶች ፀጉር ማድረቂያ አነሡና በስንዝር ርቀት ላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል ለብ ያለ አየር ነፉበት። ወዲያው ቁራጭ ፌስታል ጣታቸው ላይ ጠቅልለው ጫን ነቀል፣ ጫን ነቀል አደረጉት። የለሰለሰችው ማስቲካ ከፀጉሩ ይልቅ ፌስታሉን መረጠች። ከዚህ ሁሉ ያመለጠችውን ጥቂት የሱፍ ዘይት በጥጥ አስነክተው አለሰለሷት፤ ጎማው በዘይት ይሸነፋል። የኑግ ዘይት ግን ጠቆር ስለሚል ራሱ እድፍ ይተዋል። ዘይቱም መልሶ መውጣት አለበት፤ የሳህን ሳሙና ባለበት ለብ ያለ ውሃ ጨርቅ ነክሮ እየጨመቁ ማንሣት፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ እንደዚያው። ዘይት የቀረበት ቦታ በሳምንቱ አቧራ ሰብስቦ ከማስቲካው የባሰ ይጠቁራል።

ጎረምሳው ያጠወለገውን ዳር ግን ማንም አይመልሰውም። ገበያችን ውስጥ ያለው በማሽን የተሠራ ምንጣፍ አብዛኛው ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። እሱ 160 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቀልጣል፤ ከዚያ በፊትም ይኮማተራል፣ ይዶለዱማል። ባለ ሁለት ነጥብ ካውያ ጫፉ ላይ ነው፤ ባለ ሦስት ነጥብ አልፎታል። ምንጣፍ ላይ ለወደቀ ሰምም ቢሆን ያው ጥንቃቄ ነው፦ በረዶ፣ መስበር፣ ፍርፋሪውን መጥረግ፣ ከዚያ ሶፍት ዘርግቶ ዝቅተኛ ካውያ ነካ እያደረጉ ማንሣት። ማሳረፍ የለም፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ማንሣት ብቻ። እርግጠኛ ላልሆነ ሰው ፀጉር ማድረቂያው ይሻላል፤ ሰሙን ለማቅለጥ ይበቃል፣ ምንጣፉን አያቀልጥም፤ ሶፍቱን በእጅ መጫን ነው። ምንጣፉ ሱፍ ይሁን ፕላስቲክ ለማወቅ ከጠርዙ አንድ ክር ነቅሎ ደጅ አውጥቶ መለኮስ ነው። ሱፍ ፀጉር የተቃጠለ ይሸታል፣ ሲዳምጡት ዱቄት ይሆናል። ፕላስቲኩ ቀልጦ ጠጣር ዶቃ ይሠራል።

ቤንዚንና ላምባ ሁለቱንም ያስለቅቃሉ የሚል ሰው አይጠፋም፤ ሐሰት አይደለም፣ ያስለቅቃሉ። ከማስቲካው ጋር ግን ከምንጣፉ ጀርባ ፀጉሩን ያያዘውንም ማጣበቂያ ያስለቅቃሉ፤ ፀጉሩ ከወር በኋላ ከሥሩ መርገፍ ሲጀምር ማንም ላምባውን አያስታውሰውም። በተዘጋ ቤት፣ በዓል ሞቅ ባለበት፣ ምድጃ በሚነድበት ሰዓት ስለ እሳቱ መናገር አያሻኝም።

ከፋይና ሐር ላይ ግን እጅ ባይነካካ እመክራለሁ። የከፋይ ፀጉር በካውያ አንዴ ከተኛ አይነሣም። ለእነሱ ቅዝቃዜው ላይ ቆሞ ፍርፋሪውን ማራገፍ፣ የቀረውን ለድራይ ክሊን መተው ነው።

ልጅቱስ? ጋሼ የእናቷን ነጠላ እንደ ሌሎቹ ፍሪዘር ውስጥ አላስገቡትም፤ የሚሰበር ጉብታ የለውማ። በቀጥታ በሶፍትና በካውያ ጀመሩ፤ መሐረብ ያህሉን ቦታ ከዳር ወደ መሀል እየሄዱ። ለሌላው ሦስት ጊዜ የበቃው ሶፍት ለእሷ ነጠላ እጅግ ብዙ ጊዜ ተቀየረ። ለዳግማ ትንሣኤ ይደርሳል ብለዋታል፤ ነጠላው ላይ ያለች አንዲት ከሰል የመሰለች ነጥብ ግን ላትወጣ ትችላለች፣ ከጧፉ ክር የወደቀ ጥላሸት ነው፣ ውሃው ወደ ውስጥ አስገብቶታል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ነጠላዎን ወደ ላውንደሪ ሲወስዱ ሳይፍቁ፣ ሳይዘፈዝፉ፣ እንደደረቀ ይውሰዱት። ባንኮኒው ላይ ሲያስቀምጡትም ቦታውን በጣትዎ አሳይተው «ይሄ ሰም ነው» ወይም «ይሄ ማስቲካ ነው» ይበሉ። ማሽን ውስጥ ከገባ በኋላ ቢናገሩ ሥራው በእጥፍ ይከብዳል።